«ለተሻለ ሕክምና» ብላችሁ አትጻፉ

ዛሬ ስለ ሪፈር ወረቀት ላወራችሁ ነው። ሰልቺ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድ የጻፍኩት ወረቀት ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል፤ እሱን ሳልነግራችሁ ብቀር ጥሩ አይመስለኝም።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ይሄ ብቻ ነው፦ «ዕድሜ 58፣ ሴት። ሥር የሰደደ ደም ማነስ። ፎር ፈርዘር ኢቫሉዌሽን ኤንድ ማኔጅመንት።» ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቀን። አበቃ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም የጻፍነው ነው። በአማርኛ ሲሆን «ለተጨማሪ ምርመራና ለተሻለ ሕክምና» ይባላል። ስትጽፉት እጃችሁ እንኳ አያስብም፣ በራሱ ይሄዳል።

ሴትየዋን በደንብ አውቃቸው ነበር፤ ለደም ግፊታቸው ለዓመታት እኔ ጋ ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን «ዶክተር፣ ዳገት መውጣት አቃተኝ፣ ልቤ ይመታል» አሉኝ። ሲቢሲ አሠራሁ። ሄሞግሎቢን 8.4፣ ኤም ሲ ቪ 69። ፌሪቲን የሚሠራ ላብራቶሪ ስለነበር ላክኋቸው፣ 7 ሆኖ መጣ። ግልጽ የብረት እጥረት ነው። ሰገራቸው ላይ የትል እንቁላል አልተገኘም፣ ቢሆንም ለማንኛውም ብዬ አልቤንዳዞል ሰጠኋቸው፤ የብረት ኪኒንም ጀመርኩላቸው። በወሩ 10.3 ገባ። በሦስተኛው ወር 11.8። ደስ አለን፣ ኪኒኑን አቆምን። ከአራት ወር በኋላ ሲመለሱ 8.9።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የብረት ኪኒን ሲወስዱ ደማቸው በደንብ ወጣ፤ ስለዚህ መቅኒያቸው ይሠራል፣ አንጀታቸውም ብረት ይቀበላል ማለት ነው። ሲያቆሙ ወረደ፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የወር አበባቸው ከቆመ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል አይደለም። በዚህ ዕድሜ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሰው፣ የሚቀረው ትልቁ ቦታ ጨጓራና አንጀት ነው። ከዚያ ውስጥ የሚያስፈራው ደግሞ የቀኝ ትልቅ አንጀት ዕጢ ነው። እዚያ ያለ ዕጢ ሰገራው ገና ፈሳሽ የሆነበት ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ ቶሎ አይዘጋም፣ ደሙም ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ሳያየው ይሄዳል። ሰውየው ሆዱን አያመውም፣ ድርቀት የለበትም። ምልክቱ ደም ማነስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይሄን ሁሉ ያን ቀን አስቤዋለሁ። ይህን የምለው ጭንቅላቴን ለማወደስ አይደለም፤ ነገሩ የባሰ መሆኑን ለማሳየት ነው። አስቤው ነበር፣ ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። «ስፔሻሊስቱ ያውቀዋል» ብዬ።

ስፔሻሊስቱ ግን ወረቀቱን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሊያዞን ቢሮ ያለው ባለሙያ ነው፤ ከፊቱ ሰልፍ አለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሞላ ነው። «ደም ማነስ» የሚለውን አነበበና የደም ክፍል ቀጠሮ ሰጣቸው። ምን ያድርግ? ደም ማነስ የደም በሽታ ነው። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። እዚያ የተቀበላቸው ሬዚደንት ሲቢሲ ደገመ፣ የደም ስሚር አየ፣ ብረት እጥረት ነው አለ፣ ብረት ጀመረላቸው፣ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠረ። ያን ጊዜ ሲመጡ ሄሞግሎቢኑ ወጥቷል! «ጥሩ ነው እናቴ፣ ይቀጥሉ» ተባሉ። እኔ የሠራሁትን ሙከራ ከመጀመሪያው እንደገና ሠራው ማለት ነው። ማንም ስላልነገረው።

የእኔ የላብራቶሪ ወረቀቶች የት ነበሩ? ፌስታል ውስጥ። እሳቸው ይዘዋቸዋል፣ ማንም «አምጡ» አላላቸውም፣ እሳቸውም ዶክተር ካልጠየቀ አያወጡም።

በሰባተኛው ወር አካባቢ ሌላ ሬዚደንት ገብቶ «የወር አበባ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ጥያቄ። ኮሎኖስኮፒ ታዘዘ፤ የቀኝ ትልቅ አንጀት መጀመሪያው ላይ ዕጢ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ ዕጢው ወደ ንፍፊት ደርሶ ነበር፣ ኬሞም ወሰዱ። ዛሬ በሕይወት አሉ፣ ክትትል ላይ ናቸው። ያ ሰባት ወር ለውጥ አምጥቷል አላመጣም ማንም በርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም፣ እኔም ራሴን አላታልልም። ልጃቸው ወረቀቶቹን በሙሉ ይዞ ሲመጣ ግን ከሁሉም በላይ የነበረው የእኔ ነው። በእኔ እጅ ጽሑፍ፦ ፎር ፈርዘር ኢቫሉዌሽን።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ሪፈር ወረቀት የታማሚውን ታሪክ ማሳጠሪያ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ መጀመሪያው መስመር ላይ መሆን አለበት፤ ሊያዞኑም፣ ነርሷም፣ ኢንተርኑም ያንን አንድ መስመር ብቻ አንብበው በሩን እንዲያውቁት። የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማረን ቅደም ተከተል፣ ማለትም ዋና ቅሬታ፣ የአሁን ሕመም ታሪክ፣ ያለፈ ታሪክ፣ ምርመራ፣ መጨረሻ ላይ ግምት፣ ኬዝ ለማቅረብ ጥሩ ነው። ለሪፈር ግን ተገልብጦ ነው መጻፍ ያለበት። መጨረሻው መጀመሪያ ይምጣ።

ያንን ወረቀት ዛሬ ብጽፈው ይሄን ይመስል ነበር። (የምንጽፈው በእንግሊዝኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ ላስቀምጠው።)

«ለጨጓራና አንጀት ክፍል። ጥያቄ፦ የወር አበባቸው ከቆመ 7 ዓመት የሆናቸው የ58 ዓመት ሴት፣ ተመላላሽ የብረት እጥረት ደም ማነስ አለባቸው። ከአንጀት ደም እየፈሰሰ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የቀኝ ትልቅ አንጀት ካንሰር አለመኖሩን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። የላይ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ ቢሠራላቸው፤ በሳምንታት ውስጥ ቢሆን እለምናለሁ።

ለምን፦ ሄሞግሎቢን 8.4፣ ኤም ሲ ቪ 69፣ ፌሪቲን 7 (ደም ሳይሰጣቸው የተሠራ)። በብረት ኪኒን በ1 ወር 10.3፣ በ3 ወር 11.8። ካቆሙ ከ4 ወር በኋላ 8.9። ነዋሪነታቸው አዲስ አበባ። ሰገራ ላይ ትል የለም፣ አልቤንዳዞል ወስደዋል። ብረት ከመጀመራቸው በፊት ጥቁር ሰገራ አልነበረም። ክብደት አልቀነሱም። ሆዳቸው ላይ የሚዳሰስ እብጠት የለም። በጣት የፊንጢጣ ምርመራ ምንም አልተገኘም።

መድኃኒት፦ አምሎዲፒን 10። ለጉልበታቸው አልፎ አልፎ ዳይክሎፌናክ ይወስዱ ነበር፤ አስቁሜያለሁ። የብረት ኪኒን ዛሬ እንደገና ጀምሬያለሁ። አስፒሪንም ሌላ ደም የሚያቀጥንም አይወስዱም። አለርጂ የለም።

የነገርኳቸው፦ የደም መፍሰሻውን ለማግኘት በካሜራ እንደሚታዩ፤ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ጭምር። ሁለቱም ምርመራ ንጹሕ ከሆነ ወደ እኔ መልሷቸው፣ ብረቱንና ክትትሉን እኔ እቀጥላለሁ። ስልኬ ከታች አለ። የላብራቶሪ ኮፒ ተያይዟል።»

ግማሽ ገጽ አይሞላም። እኔ ስድስት ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ። አንዳንዱ ነገር ለምን እዚያ እንደገባ ላብራራ፣ ምክንያቱም ተማሪ ሲኮርጅ ቅርጹን ይወስድና ምክንያቱን ይተዋል።

ቁጥሮቹ አራት ሄሞግሎቢን ናቸው፣ አንድ አይደሉም። ጥያቄዬን የፈጠረው 8.9 አይደለም፤ ወጥቶ መውረዱ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ብጽፍ «ብረት ስጣቸው» ነው መልሱ። አራቱን ከነጊዜያቸው ብጽፍ ብረት መስጠት መልስ እንዳልሆነ ማንም ያያል። ስትጽፉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔን ያስጨነቀኝ የቱ ነው? እሱን ጻፉ። ሌላው ሲቢሲ ላይ ያለ ሃያ መስመር ኮፒው ላይ አለ።

«ነዋሪነታቸው አዲስ አበባ» የሚለው ሊያስቃችሁ ይችላል። ግን ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ከፍ ይላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ከአንድ ግራም በላይ ጭማሪ ይጠበቃል። ለባሕር ጠለል ሰው ሴት 12 ከሆነች ደህና ናት ይባላል። የእሳቸው 11.8 እንግዲህ «ለትንሽ ቀረ» ሳይሆን ገና ደም ማነስ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ኪኒን ያቆምኩበት ቁጥር ማለት ነው። ይሄም የኔው ጥፋት ነው፣ ዝም ብዬ አላልፈውም።

«ደም ሳይሰጣቸው የተሠራ» ደግሞ፣ ደም ከተሰጠ በኋላ የሚሠራ የብረት ምርመራና ኤም ሲ ቪ የለጋሹን ደም ጭምር ስለሚያሳይ አያስተማምንም። ተቀባዩ ሐኪም ይሄን ካላወቀ ቁጥራችሁን አያምነውም፣ እንደገና ያሠራል፣ ታማሚው እንደገና ይከፍላል።

የብረት ኪኒኑን ለምን ጻፍኩት? ብረት ሰገራን ያጠቁራል። ያልነገርነው ሐኪም ጥቁር ሰገራ ሲያይ ከላይ እየደሙ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለኮሎኖስኮፒ አንጀት ሲታጠብ ብረት የሚወስድ ሰው አንጀቱ ጥቁርና የሚጣበቅ ሆኖ በደንብ አይታይም፤ ስለዚህ ሳምንት ያህል ቀድሞ ይቆማል። ያን የሚያቆመው ካሜራውን የሚሠራው ቡድን ነው፤ መኖሩን ካላወቀ ግን አያቆመውም፤ ታማሚዋ ሁለት ቀን ሳይበሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲመላለሱ አድረው «አልጸዳም፣ ሌላ ቀን» ይባላሉ። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ፤ ታማሚው ሁለተኛ አይመለስም።

የሌሉትን ነገሮችም ተመልከቱ። «ክብደት አልቀነሱም» ብያለሁ፣ ምክንያቱም ቢቀንሱ ኖሮ ጥያቄው ይፈጥን ነበር። የጆሮ፣ የጉሮሮ፣ የቆዳ ምርመራ ግን አልጻፍኩም። መልሱን የማይቀይር «የለም» አይጻፍ። የሚቀይር «የለም» ግን ከ«አለ» እኩል ነው። ኢንተርኖች ሁለቱን መለየት ሲያቅታቸው ወይ ሁሉንም ይጽፋሉ ወይ ምንም አይጽፉም።

መጨረሻ ላይ ያለው «ወደ እኔ መልሷቸው» የሚለው በእኔ ግምት ከጥያቄው ቀጥሎ ዋናው መስመር ነው። ምን እንደምትጠብቁ ካልጻፋችሁ ታማሚው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስፔሻሊስቱ ለዘላለም ይቀጥራቸዋል፣ ወይ ደግሞ ይለቃቸውና ማንም አይከታተላቸውም። የሪፈር ፎርሙ ታች ፊድባክ የሚባል ቦታ አለው፤ ባዶውን እንደሚመለስ፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ እንደማይመለስ ሁላችን እናውቃለን፣ እናማርራለንም። ግን እስቲ በሐቀኝነት፦ «ለተሻለ ሕክምና» ለሚል ወረቀት ምን ብሎ ይመልስላችሁ? «ተሻለ» ብሎ? ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ የሚመለስልኝ ወረቀት በዝቷል። ሁሉም አይደለም፣ ግን በዝቷል።

አሁን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ወደምትነግሩኝ ተቃውሞ ልምጣ። «ዶክተር፣ እኔ ጄኔራል ፕራክቲሽነር ነኝ፤ ለፕሮፌሰር ኮሎኖስኮፒ ሥሩ ብዬ ማዘዝ አይከብድም?» ይገባኛል። ባህላችን ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ጥያቄን በግልጽ ማስቀመጥ ድፍረት ይመስላል፣ ደፈናውን «እርስዎ እንዳዩት» ማለት ጨዋነት። ግን ማዘዝና መጠየቅ የተለያዩ ናቸው። «ካንሰር እጠረጥራለሁ፣ ምክንያቴ ይሄ ነው፣ ይሄ ምርመራ ቢሠራ» ስትሉ ምክንያታችሁን ፊቱ አስቀመጣችሁ፤ ካላመነበት ይጥለዋል። መጣል የማይችለው ያልጻፋችሁትን ነው። ወረቀቱ ላይ አክብሮት ማሳየት ከፈለጋችሁ ጊዜውን አክብሩለት።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ከበድ ይላል፦ ጥያቄውን አጥብቤ ከጻፍኩ ስፔሻሊስቱም እኔ በተሳሳትኩበት መንገድ ይከተለኛል፤ ባዶ ብተወው በራሱ ዓይን ያያል። እውነት አለው። አንድ ጊዜ ሐኪም «አስም» ብሎ ከጻፈ ቀጣዮቹ ሦስት ሐኪሞች አስም ብለው ሲቀጥሉ አይቻለሁ፣ የልብ ድካም ሆኖ ሳለ። ለዚህ መፍትሔው ግን ባዶ መተው አይደለም። የምታውቁትንና የምትጠረጥሩትን ለዩ። «ደም ማነስ፣ ፌሪቲን 7» የማውቀው ነው። «ከአንጀት ይፈሳል» የምጠረጥረው ነው፤ ስለዚህ «እጠረጥራለሁ» ብዬ ጻፍኩት። በሽታውን ያለ ማስረጃ በትልቁ ጽፎ ማስመር ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ጥያቄው ከሌላችሁስ? ያጋጥማል። ምን እንደሆነ አልገባችሁም፣ ግን ደስ አላላችሁም። ታዲያ እሱኑ ጻፉት፦ «የ40 ዓመት ወንድ፣ በሦስት ወር 9 ኪሎ ቀንሷል፣ ያደረግኋቸው ምርመራዎች እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቱን አላገኘሁም፤ ቀጥሎ የቱን ልመርምር?» ይሄ ፍጹም ጥሩ ጥያቄ ነው። «አላወቅኩም» ማለት ከ«ለተሻለ ሕክምና» በጣም ይለያል፤ አንዱ የት እንደቆማችሁ ይናገራል፣ ሌላው አይናገርም።

እኔ አሁን ካርዱን ሳልገልጥ መጀመሪያ ጥያቄዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ካልወጣችልኝ ሪፈሩን አቆማለሁ። አንዳንዴ ያኔ የሚገባኝ ሪፈር እንደማያስፈልግ ነው። ባለፈው አንድ ስኳር ያለባቸው አባት ነበሩ፤ ክሬያቲኒናቸው በስምንት ወር ከ1.1 ወደ 1.6 ወጥቷል። «ለኩላሊት ስፔሻሊስት፣ ለተሻለ...» ብዬ ልጀምር ስል ጥያቄዬ ምንድነው ብዬ ቆምኩ። ጥያቄዬ «ኢናላፕሪሉን ላቁም ወይስ ልቀጥል?» ነበር። ይሄ የስልክ ጥያቄ ነው። ደወልኩ፣ ፖታሲየማቸውን ጠየቀኝ፣ የሽንት ፕሮቲን አሠራ አለኝ፣ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሽማግሌው ከገጠር ተነሥተው ሌሊት አውቶቡስ አልተሳፈሩም።

ድንገተኛ ሲሆን ደግሞ ወረቀት ላይ አትመኩ፣ ደውሉ። ሰው እየደማ «አስቸኳይ» ብሎ በቀይ መጻፍ ምንም አይፈይድም፤ ሁሉም ወረቀት ላይ አስቸኳይ ተብሎ ስለሚጻፍ ቃሉ ሞቷል። ከጻፋችሁ ምክንያቱን ጨምሩበት፣ «በሳምንታት፣ ካንሰር ስለምፈራ» እንደሚለው።

አንድ ነገር ላንሳ፣ እናንተም ስታነቡ «ይሄ ሰው የት አገር ነው ያለው» እንዳትሉ። በቀን ስድሳ ሰው የሚያይ የጤና ጣቢያ ሐኪም ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ የለውም። ብዙዎቹ ሪፈሮች ደግሞ የጤና መድን ማኅተም ካልተመታ ሆስፒታሉ ስለማያስተናግድ ብቻ የሚጻፉ ናቸው፤ ታማሚው ክትትል አለው፣ ወረቀቷን ብቻ ነው የሚፈልጋት። ለነዚያ ግማሽ ገጽ ጻፉ አልልም። «የቆየ የልብ ክትትል፣ ለመድን ብቻ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ሊያዞኑም ያመሰግናችኋል። ከስድሳው ውስጥ ግን ሁለት ሦስቱ እንደ እኔዋ እናት ናቸው። ለእነሱ ጊዜ ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢቀር የመጀመሪያውን መስመር ጻፉ፦ ማን፣ ምን ትጠረጥራላችሁ፣ ምን እንዲደረግ ትፈልጋላችሁ። እኔ የዚያን ቀን «ለጨጓራና አንጀት ክፍል፤ ተመላላሽ የብረት እጥረት፣ የወር አበባ የቆመ፣ ኮሎኖስኮፒ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ሊያዞኑ ሌላ በር ላይ ነበር የሚልካቸው።

እና አንድ ነገር ለታማሚዎቹም ንገሯቸው። ለእሳቸው ጥያቄውን በአፋቸው እንዲይዙት አድርጌ ቢሆን ኖሮ፣ «እናቴ፣ ደሙ የት እንደሚፈስ በካሜራ እንዲያዩልዎት ነው የምልክዎት፤ ካሜራው ካልታዘዘ ለምን ብለው ይጠይቁ» ብያቸው ቢሆን፣ ወረቀቱ ቢሳሳት እንኳ እሳቸው አይሳሳቱም ነበር። አሁን ሁሉንም እንደዚያ እላቸዋለሁ። ፌስታሉንም ከፍቼ የላብራቶሪ ኮፒውን ከወረቀቱ ጋር በስቴፕለር እመታዋለሁ።

ሊያዞን ቢሮ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ በእናንተ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው የቱ ጋ ነው? ፎርሙ ላይ «ምክንያት» የሚለው ሳጥን ላይ ነው ወይስ ከላይ ያለው ክፍል ስም ላይ? እኔ ጥያቄዬን ከሁለቱም ላይ እየጻፍኩ ነው፣ የትኛውን እንደምተው ልወቅ።